እህትህ በጆሮዋ የምትሰማውን ጻፍ፦ ስለ አረብኛና አማርኛ የቃላት ሠንጠረዥ

«ጤና ይስጥልኝ መምህርት። እህቴ ከሁለት ወር በኋላ ለቤት ሥራ ሪያድ ትሄዳለች። አረብኛ አታውቅም። በኤክሴል ሠንጠረዥ እየሠራሁላት ነው፤ ቃል፣ ትርጉም፣ ምሳሌ ዓረፍተ ነገርና ማስታወሻ የሚሉ አራት ዓምዶች አሉት። ከመዝገበ ቃላት 300 ቃላት በፊደላችን ገልብጫለሁ። እሷም በቃሏ ይዛቸዋለች። ግን እዚያ የነበረች ጎረቤታችን ስታናግራት አንዱንም አልለየችም። የማስታወሻው ዓምድ ደግሞ ባዶ ነው፤ ምን እንደሚጻፍበት አላወቅሁም። የመጀመሪያውን ገጽ ልኬልዎታለሁ። ምን ላስተካክል?»

ወንድሜ፣ የላክኸውን ገጽ ደጋግሜ አየሁት። ቃላቱ ስህተት የለባቸውም። ልፋትህም ያስታውቃል። ችግሩ እህትህ የያዘቻቸው ቃላት በዚያ መልካቸው ሪያድ ቤት ውስጥ የማይነገሩ መሆናቸው ነው።

አራተኛውን ረድፍህን እንውሰድ። ቃሉ «ፈተሐ» ነው። ትርጉሙን «ከፈተ» ብለሃል። ምሳሌው «ፈተሐ አርረጁሉ አልባበ» ይላል፤ ሰውየው በሩን ከፈተ ማለት ነው። ማስታወሻው ባዶ ነው። ይሄ ትክክለኛ የመጽሐፍ አረብኛ ነው። መዝገበ ቃላት ግሥን በዚህ መልክ ነው የሚያስቀምጠው። የአማርኛውም ቢሆን «ከፈተ» ብሎ ነው የሚጀምረው። አሁን አንዲት የውጭ አገር ልጅ «ከፈተ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ እናንተ ቤት ገባች እንበል። እናትህ ከጓዳ ሆነው «ኧረ በሩን ክፈቺው!» ቢሏት ያቺን ቃል አገኘቻት? አታገኛትም። እህትህም ሪያድ ውስጥ የምትሰማው «ኢፍተሒ» ነው። «ፈተሐ» ብላ ስለያዘች ቃሉ በጆሮዋ ያልፋል እንጂ አይገባትም። ጎረቤታችሁ ስታናግራት የሆነው ይሄው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ የቃሉን መነሻ አትጻፍ። እህትህ የምትሰማውን መልክ ጻፍ። ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከምትሰማው ነገር አብዛኛው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙም ለሴት የሚባለው ነው። «ጂቢ» አምጪ ነው። «ሺሊ» አንሺ ነው። «ሑጥጢ» አስቀምጪ ነው። «ነዝዝፊ» አጽጂ ነው። «ተዓሊ» ነይ ነው። መጨረሻቸው ላይ ያለችው የ«ኢ» ድምፅ አድራጊዋ ሴት መሆኗን ትናገራለች። ይሄ ለእህትህ አዲስ ነገር አይደለም። እኛም ስማ–ስሚ፣ ግባ–ግቢ ነው የምንለው። በአረብኛም «ኢስመዕ» ለወንድ፣ «ኢስመዒ» ለሴት ነው። ከኛው ስማና ስሚ ጋር ዘመድ ነው። ይህቺን አንዴ ካሳየሃት መቶ ረድፍ ይቀልላታል። እኔ ሳስተምር በመጀመሪያው ቀን የማደርገው ይሄንን ነው። የተማሪዎቼ ፊት ወዲያው ነው የሚፈካው።

አሁን ወደ ባዶው ዓምድ። ማስታወሻ የሚለው ዓምድ የተረፈ ነገር መጣያ አይደለም። እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን እህትህ ትሰማዋለች ወይስ ትለዋለች? ሁለቱ የተለያየ ሥራ አላቸው። የምትሰማውን በጆሮዋ መለየት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የምትለውን ግን አፏ ላይ ማሟሸት አለባት። «ጂቢ» ትሰማለች፤ አትልም። ለእመቤቲቱ «ጂቢ» ካለቻት ማዘዟ ነው። የምትፈልገውን ስትጠይቅ በ«አቢ» ነው የምትጀምረው፤ እፈልጋለሁ ማለት ነው። «አቢ ሞያ» ውሃ እፈልጋለሁ። «አቢ አከልልም ኡምሚ» እናቴን ማናገር እፈልጋለሁ። «አቢ ራትቢ» ደመወዜን እፈልጋለሁ። ከፊቱ «ለው ሰመሕቲ» ካለችበት ቃሉ ይለሰልሳል፤ ከፈቀድሽ እንደማለት ነው። ለወንድ ከሆነ «ለው ሰመሕት» ነው።

አረብኛ እንደኛ «እርስዎ» የለውም። ልጆቻችን መጀመሪያ ላይ በዚህ ይጨነቃሉ። ትልቅ ሴትን «አንቺ» ማለት ይከብዳቸዋል። አክብሮቱ የሚገባው በመጥሪያው ነው። በብዙ ቤት ሠራተኞች እመቤቲቱን «ማማ» ይላሉ፤ አሮጊቷን ደግሞ «ማማ ከቢረ»። ይህንንም በማስታወሻው ላይ አኑርላት፤ ማንን ምን ብላ እንደምትጠራ ማወቅ አለባት።

ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮችህ ረዝመዋል። ስድስትና ሰባት ቃል ያላቸው አሉ። እዚህ ላይ ከኛ ቋንቋ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። «ያንን ጠረጴዛ ላይ ያለውን ትልቁን ሰሃን...» ስንባል ጆሯችን ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። አምጪ ይሁን አጥቢ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። በአረብኛ ትእዛዙ ቀድሞ ይመጣል። «ጂቢ» ተብሎ ነው ዕቃው የሚከተለው። መጨረሻውን ለመያዝ የለመደ ጆሮ የመጀመሪያዋን ቃል ያሳልፋታል። ከዚያ «ሞያ» የምትለዋን ብቻ ይዛ፣ ውሃው ምን ይሁን እንደተባለ ሳታውቅ ትቆማለች። ይሄንን ብዙ ተማሪ ላይ አይቻለሁ።

መድኃኒቱ ባለ ሁለት ቃል ምሳሌ ነው። «ጂቢ ሞያ።» «ጂቢ ገህወ።» «ጂቢ አልሚፍታሕ።» ውሃ፣ ቡና፣ ቁልፍ። የመጀመሪያዋ ቃል ሳትለወጥ ሁለተኛዋን ቀያይርላት። በሚቀጥለው ቀን ገልብጠው፤ ዕቃውን ይዘህ ትእዛዙን ቀያይር። «ጂቢ ሞያ»፣ «ሺሊ ሞያ»፣ «ሑጥጢ ሞያ»። ያን ጊዜ ጆሮዋ ከፊት ለፊት መስማት ይለምዳል። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር እዚያው ስትደርስ ትለምደዋለች።

ፊት ለፊት ከሚመጡት ቃላት በጣም የምፈራላት «ላ»ን ነው። «ኢፍተሒ አልባብ» በሩን ክፈቺ ነው። «ላ ቲፍተሒን አልባብ» በሩን አትክፈቺ ነው። በፍጥነት ሲነገር «ላ» አጭር ናት፤ ትዋጣለች። እመቤቲቱ ከቤት ስትወጣ የምትናገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው። ታዲያ የምትለየው በ«ላ» ብቻ እንዳይሆን መጨረሻዋን አሳያት። በሪያድ አነጋገር ለሴት ክልከላ ሲሆን ግሡ በ«ኢን» ይጨርሳል፤ «ላ ቲፍተሒን»፣ «ላ ቲንሲን»። ሁለተኛው አትርሺ ነው። ትእዛዙ በ«ኢ»፣ ክልከላው በ«ኢን»። «ላ» ብታመልጣት እንኳ «ኢን» ታስጠነቅቃታለች።

ስለ አጻጻፉ አንድ ሁለት ነገር ልበል። በፊደላችን መጻፍህ ጥሩ ነው። የአረብኛ ፊደል ለመማር ሁለት ወር ያንሳታል፤ ጊዜውን ጆሮዋ ይፈልገዋል። ነገር ግን ፊደላችን ሁለት ነገር አያሳይም። አንደኛው ጥብቀት ነው። እኛ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን «ገና ነው» የምንለውን ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምንለየው። ለራሳችን ቋንቋ ያ ይበቃል። ለማታውቀው ቋንቋ ግን አይበቃም። ሠንጠረዥህ ላይ «ሐማም» ብለህ መታጠቢያ ቤት ብለሃል። እሷ አላልታ ካነበበችው ርግብ ማለት ነው። መታጠቢያ ቤቱ «ሐምማም» ነው፤ «ም» ይጠብቃል። የድሮ መዝገበ ቃላት በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። በስልክ ያንን መጻፍ ስለሚያስቸግር የሚጠብቀውን ፊደል ሁለቴ ጻፈው። «ሰክክሪ» ዝጊ ነው። «ሱክከር» ስኳር ነው። ሁለቴ የተጻፈውን ስታይ ጫን ብላ እንድታነበው ንገራት፤ በቃ።

ሁለተኛው የድምፆቹ ልዩነት ነው። ሐ፣ ኀ እና ሀ በአማርኛ አንድ ሆነዋል። አረብኛ ግን ይለያቸዋል። ሠንጠረዡ ላይ ቢያንስ አጻጻፉን አንድ ወጥ አድርገው። ከጉሮሮ ታንቆ ለሚወጣው ሐን፣ ለቀላሉ ሀን፣ ሲፋቅ ለሚሰማው ኸን ተጠቀም። «ዐይን» ለሚባለው የጉሮሮ ድምፅ ዐን ተጠቀም። ውሃ ጉሮሯችን ላይ ይዘን ስናንኳኳ የሚወጣውን ድምፅ የሚሸከም ፊደል የለንም። ለሱ ገን ጽፈህ ከሥሩ አስምርበት፤ «ገስሲሊ» የሚጀምረው በዚህ ድምፅ ነው፣ እጠቢ ማለት ነው። አፏ በሁለት ወር እነዚህን ሁሉ እንዲያወጣ አትጠብቅ። ሰው ይረዳታል። መጽሐፉ በቀ የሚጽፈውን ግን ሪያድ ቤት ውስጥ በገ ነው የሚሉት። ቡና «ቀህወ» ሳይሆን «ገህወ» ነው። ድስት «ቂድር» ሳይሆን «ጊድር» ነው። ተነሺ «ጉሚ» ነው። ከመዝገበ ቃላት ስትገለብጥ ያመለጠህ ይሄ ነው። 300 ቃላትህ ውስጥ ያለውን ቀ ሁሉ ጎረቤታችሁን ጠይቀህ አጣራው። በጅምላ አትለውጠው፤ በቀ የቀሩም አሉ።

አሁን ማስታወሻው ዓምድ ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፈው ይመጣል። አረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው። ቤት፣ ራስ፣ ስም፣ ደም፣ ዐይን በሁለቱም ይቀራረባሉ። ሰሃናችንም «ሰሕን» ነው። ይህ ዝምድና ይጠቅማል፤ ግን ያሳስታልም። «መክተብ» በአማርኛ ክትባት መስጠት ነው። እዚያ ቢሮ ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ የላካቸውን ኤጀንሲ ቢሮ እንዲሁ ይሉታል። «ከፊል» በአማርኛ ግማሽ ምናምን ነው። እዚያ የመኖሪያ ፈቃዷ በስሙ የተያዘው አሠሪ ነው። «ጂብነ» አይብ ነው። ጀበና መስሏት ቡና ልታፈላ የምትነሳ አለች። «ሲፋረ» ኤምባሲ ነው። እኛ ሰፈራ ስንል ሌላ ነገር ነው የሚታየን። ይቺን ቃል እህትህ በሕልሟም እንዳትረሳት። «አቢ አስሲፋረ አልኢስዩቢይየ» የኢትዮጵያ ኤምባሲን እፈልጋለሁ ነው። ኤምባሲያችን እዚያው ሪያድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሰዓት ነው። ሠንጠረዥህ ላይ «ሰብዐ – ሰባት» ብለሃል። ቁጥሩ ልክ ነው። ዕንቁላል ስትቆጥር ምንም አይደል። ሰዓት ስትሰማ ግን ያሳስታታል።

እኔ ሪያድ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሆነውን ልንገርህ። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። እመቤቲቱ ወጥ ቤት ገብታ እንግዶች እንደሚመጡ ነገረችኝ። «አስሳዐ ሰብዐ» አለች። ቃሏ ከኛው «ሰባት ሰዓት» ጋር ስለተቀራረበ ደስ አለኝ፤ ከንግግሯ ውስጥ በትክክል የያዝኩት እሱን ብቻ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱን አሰናድቼ፣ ቡናውን በሄል አፍልቼ፣ ቴምሩን ደርድሬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ቡናው ቀዘቀዘ። እመቤቲቱ ከእንቅልፏ ተነስታ ስታየው ተናደደች፤ ሄሉም ውድ ነው። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። ምን አጠፋሁ ብሎ መጠየቂያ ቋንቋም አልነበረኝም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እንግዶቹ የመጡት ሲመሽ፣ በኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ሪያድና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት የላቸውም። የስልኳን ሰዓት መለወጥ አያስፈልጋትም። የሚለየው አጠራሩ ነው። እነሱ ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ይቆጥራሉ፤ እኛ ከንጋትና ከምሽት። ልዩነቱ 6 ነው። «ሰብዐ» ስትሰማ አንድ ሰዓት ነው። «ሰማንየ» ሁለት ሰዓት ነው። «ቲስዐ» ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰዓትን ከቁጥር ረድፎች ለይተህ አሥራ ሁለት ረድፍ ስጠው። በትርጉም ዓምድ ላይ ቁጥሩን ሳይሆን የኛን ሰዓት ጻፍ። «አስሳዐ ሰብዐ – አንድ ሰዓት»። እህትህ እየቀነሰች ማሰብ የለባትም። ጠዋት ሥራ ይዛ ሒሳብ ማስላት አይሆንላትም።

ሌላው የማስታወሻው ሥራ ትርጉሙ ልክ ሆኖ አጠቃቀሙ የሚለይበትን ማሳየት ነው። «ኢንሻአልላህ» የሚለውን «እግዚአብሔር ካለ» ብለህ ተርጉመኸዋል። ቃሉ ያ ነው። ነገር ግን እኛ «እግዚአብሔር ካለ» ስንል ጥርጣሬ አለበት። እዚያ አንድ ነገር አድርጊ ስትባል «ኢንሻአልላህ» ብትል «እሺ፣ አደርጋለሁ» ማለቷ ነው። ማስታወሻው ላይ «ለትእዛዝ መልስ ሲሆን እሺ ነው» ብለህ ጻፍ። «ጠይይብ»ም እሺ ነው፤ ይሄኛው ቀለል ያለ ነው።

«የዕጢክ አልዓፍየ» የሚባልም አለ። ቃል በቃል ጤና ይስጥሽ ነው። የኛን «ጤና ይስጥልኝ» ስለሚመስል ተማሪዎቼ ሰላምታ ያደርጉታል። ሰላምታ አይደለም። ሲሠራ ለቆየ ወይም ሥራውን ለጨረሰ ሰው የሚባል ነው። የኛው «እጅሽ ይባረክ» ቢባል ይቀርበዋል። መልሱ «አልላህ ይዓፊክ» ነው። አሮጊቷ ወጥ ቤት ገብታ ይህንን ስትላት መልሱን ካወቀች፣ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የሚታይላት ፊት ይለወጣል። ይህንን በራሴ አይቼዋለሁ። ሠንጠረዡ ላይ ከ«ሹካ»ና ከ«ማንኪያ» በፊት ብታስገባው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ግራ እንዳያጋባት አስጠንቅቃት። የቤቱ ሰዎች እንግዳ ሠራተኛ መሆኗን ሲያውቁ ቋንቋውን ሰባብረው ሊያናግሯት ይችላሉ። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ለውጭ አገር ሠራተኛ የሚነገር የተሰባበረ አረብኛ አለ። እዚያ «ማፊ» የምትለዋ ቃል ለሁሉም ዓይነት አሉታ ታገለግላለች። በትክክለኛው «ማ ፊ» የለም ማለት ነው፤ «ማ ፊ ሞያ» ውሃ የለም። በተሰባበረው ግን «አና ማፊ መዕሉም» ይባላል፤ አላውቅም ለማለት። ከሌላ አገር የመጡት ሠራተኞችም እንዲህ ነው የሚያወሩት። እህትህ ይህንን መረዳት አለባት። እሷ ግን ከመጀመሪያው «ማ አዕርፍ» ብላ ብትይዝ ይሻላል፤ አላውቅም ማለት ነው። ስለዚህ «ማፊ መዕሉም» አጠገብ «ትሰማለች» ብለህ፣ «ማ አዕርፍ» አጠገብ «ትላለች» ብለህ ጻፍ።

እስካሁን ያልኩህ ሲጠቃለል ረድፎቹ ይህን ይመስላሉ።

| ቃል | ትርጉም | ምሳሌ | ማስታወሻ |
|---|---|---|---|
| ማ ፍሂምት | አልገባኝም | ማ ፍሂምት፣ ዒዲ መርረ ሳንየ። (አልገባኝም፣ ድገሚልኝ።) | ትላለች። ለወንድ «ዒድ»። ዝም ከማለት ይህ ይሻላል። |
| ጂቢ | አምጪ | ጂቢ ሞያ። (ውሃ አምጪ።) | ትሰማለች። ለሴት ነው፤ ለወንድ «ጂብ»። መልሱ «ጠይይብ»። |
| ሰክክሪ | ዝጊ | ሰክክሪ አልባብ። (በሩን ዝጊ።) | ትሰማለች። «ሱክከር» ስኳር ነው፤ እንዳትደባልቂ። |
| ላ ቲፍተሒን | አትክፈቺ | ላ ቲፍተሒን አልባብ። (በሩን አትክፈቺ።) | ትሰማለች። ፊት «ላ»፣ መጨረሻ «ኢን»። |
| አስሳዐ ሰብዐ | አንድ ሰዓት | ተዓሊ አስሳዐ ሰብዐ። (አንድ ሰዓት ላይ ነይ።) | ትሰማለች። ሰባት ሰዓት አይደለም! |
| ዪዐውዊርኒ | ያመኛል | ራሲ ዪዐውዊርኒ። (ራሴን ያመኛል።) | ትላለች። «ራሲ»ን በ«በጥኒ» (ሆዴ) ወይም በ«ሲንኒ» (ጥርሴ) መለወጥ ይቻላል። |

የመጨረሻዋን ረድፍ ተመልከታት። «ዪዐውዊርኒ» ረጅም ቃል ናት፤ ተማሪ ይፈራታል። ግን መጨረሻዋ «ኒ» ነው፤ የኛ «ያመኛል» ውስጥ ያለው «ኝ» ማለት ነው። አሠራሩም አንድ ነው፤ ራሴ እኔን ያመኛል። ይህንን ሳሳያቸው ቃሉን ወዲያው ይይዙታል። ሕመምን የሚመለከቱ ቃላትን አታሳንስ። አንዳንዷ ልጅ የታመመችበትን ቦታ መናገር አቅቷት «ተዕባነ» ብቻ ትላለች። ቃሉ ደክሞኛልም፣ አሞኛልም ነው። ሰሚው ድካም ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የሚያማትን አካል ከጠራች ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

300 ቃላት ይብዛባታል። 120 ይበቃታል። ከነዚህ ውስጥ አርባ ያህሉ ትእዛዝ፣ ሃያ ያህሉ እሷ የምትላቸው፣ የቀሩት የዕቃና የቦታ ስሞች፣ ሰዓቶችና ሰው መጥሪያዎች ይሁኑ። «ሳይንስ»ን፣ «ፓርላማ»ን፣ «ዝሆን»ን አውጣቸው። ዕቃውን ስትጽፍ ከቤታችሁ አትነሳ፤ ጎረቤታችሁ ከሠራችበት ቤት ተነሳ። ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ የልጆቹን ክፍል በሐሳቧ እየዞረች ትጥራልህ። አንተ ጻፍ። እዚያ በየቀኑ የሚነካ ዕቃ ሁሉ ረድፍ ይገባዋል። አዲስ ረድፍ በቀን ከስምንት አይብለጥ። ሁለት ወር ውስጥ ይዳረሳል፤ ለክለሳም ይተርፋል።

ጎረቤታችሁ የትኛው ከተማ እንደሠራች ግን ጠይቃት። ኩዌት ከነበረች ውሃን «ማይ»፣ ነገን «ባቺር» ልትል ትችላለች። ሪያድ «ሞያ» እና «ቡክረ» ነው። አንዱን ቃል በሁለት ከተማ ቀላቅለህ ካስገባህ እህትህ የትኛውን እንደምትይዝ ግራ ይገባታል። አማራጩን መጻፍ ካለብህም ማስታወሻው ላይ እንጂ ቃሉ ጋ አይሁን።

ስለ ኤክሴሉ ይህችን ብቻ። ከፊት አንድ ጠባብ ዓምድ ጨምርና ለረድፎቹ ተራ ቁጥር ስጥ። ጎረቤታችሁ እያንዳንዱን ቃልና ምሳሌ በድምፅ ትቅዳልህ፤ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይበቃል። እያንዳንዱን መልእክት የረድፉን ቁጥር በመጥራት ትጀምር። ከዚያ በፊደል ተራ ልታስተካክል ስትል ተጠንቀቅ። አንዱን ዓምድ ብቻ መርጠህ ካሰለፍከው ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ቃሉ ከሌላ ቃል ትርጉም ጋር ይጋጠማል። አንድ ተማሪዬ ጋ እንዲህ ሆኖ «ዝጊ» የሚለው ከ«ክፈቺ» አጠገብ ገብቶ አግኝተነዋል። መላውን ሠንጠረዥ መርጠህ ነው ማሰለፍ ያለብህ። ፋይሉን ወደ ስልክ የቃል መለማመጃ ልታስገባ ከሆነም ስታስቀምጠው CSV UTF-8 የሚለውን ምረጥ። ተራውን CSV ከመረጥክ ፊደላችን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል።

መያዟን የምታውቀው ትርጉም በመጠየቅ አይደለም። «ጂቢ ማለት ምንድን ነው?» ካልካት ትመልስልሃለች፤ አሁንም እየመለሰች ነው። እሷ ወጥ ቤት እያለች አንተ ሳሎን ሁን። ድምፅህን ሳታጎላ፣ ሳትዘገይ «ጂቢ ሞያ» በል። ውሃውን ይዛ ከመጣች ረድፉ ተይዟል። ቆም ብላ በአማርኛ ካጉተመተመች ገና ነው። ነገ ያንን ረድፍ ድገመው። «ላ» ያለባቸውንም እንደዚሁ ሞክራት። «ላ ትሺሊን» ብለሃት ሰሃኑን ካነሳችው የመጨረሻዋ «ኢን» አልተሰማቻትም። ያን ጊዜ «ሺሊ» እና «ላ ትሺሊን»ን ጎን ለጎን አሰማት፤ ቴሌቪዥኑ እየጮኸም ሞክራት። የምትሠራበት ቤት ጸጥታ አይኖረውም፤ ልጆች አሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሃያ ረድፎች ከጎረቤታችሁ ጋር ስትጨርስ ላክልኝ። ማስታወሻዎቹን አያለሁ። የተቀዳውንም ድምፅ አብረህ ላከው፤ የሚጠብቀውና የሚላላው ከጽሑፉ ጋር መግጠሙን እሰማዋለሁ።